በአውራ ጣት የተሸፈነው ክሌፍ

ስሙ ታየ አይደለም። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ ግን ጋሽ ታየ ይለዋል፤ እሱም አቤት ይላል። ነገሩ የመጣው ከሥራው ነው። ሰውዬው ኖታ ገልባጭ ነው። ሌላው የጫረውን፣ የሰረዘውን፣ ሻይ የደፋበትን ወረቀት ይቀበልና ተጫዋች ቁጭ ብሎ ሊያነበው በሚችል ንጹሕ ገጽ ላይ ያሰፍረዋል። ከዋናው ጋር ምልክት በምልክት አመሳክሮ ሲያበቃ ከገጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል «ታየ» ብሎ ይጽፋል። ይቺ ቃል የሌለችበትን ገጽ ኦርኬስትራው አይነካውም። ተማሪዎች ደግሞ ታውቋቸው የለ፣ ዝም ብለው አያልፉም፤ ቃሏን ከወረቀቱ አንስተው በሰውዬው ላይ ለጠፏት። ይኸው ሃያ ዓመቷ።

ክፍሉ ከደረጃው ሥር ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ወረቀት መዋጥ የሚወድ ማተሚያ፣ በሩ በግድ የሚዘጋ የብረት ቁምሳጥን። ከላይ ከበሮ የሚማሩት ሲደልቁ ከጣሪያው አቧራ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል። ጋሽ ታየ በእጁ ጠረግ ያደርገዋል፤ በተለይ ወረቀት ላይ ያረፈውን፤ ምክንያቱም ከኖታ ጎን ያረፈች አንዲት ጉድፍ ነጥብ መስላ ትታይና የድምፁን ርዝመት በግማሽ ትጨምርበታለች።

በፊት ወረቀቱ ራሱ ነበር የሚመጣው። አሁን የሚመጣው ፎቶ ነው። አንዱ ጥላው ወረቀቱ ላይ ተኝቶ ያነሳል፤ ሌላው እየሮጠ ያነሳው ይመስላል፤ ሦስተኛው የገጹን ግራ ጠርዝ ቆርጦ ያስቀርና «ጋሽ ታየ፣ ለነገ ይድረስልኝ» ይላል። ኧረ ምን ይደርሳል! የግራ ጠርዙ ከጠፋ ምን ቀረ? ክሌፉ ያለው እዚያ ነው። ክሌፍ ለአምስቱ መስመሮች ስም የሚያወጣላቸው ምልክት ነው፤ እሱ ከሌለ ያው አንድ ክብ ነጥብ ሬም ዶም ላም ሊሆን ይችላል። ከክሌፉ ቀጥለው ደግሞ ፍላቶቹ ይሰለፋሉ፤ የትኞቹ ድምፆች ከዳር እስከ ዳር ግማሽ እርከን ዝቅ ብለው እንደሚዘለቁ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ሁለት ልማዶች ነበሩት። አንደኛው፣ «ታየ» ብሎ ከጻፈ በኋላ ፎቶውን ከስልኩ ያጠፋዋል፤ ስልኩ አሮጌ ነው፣ ቦታ የለውም። ሁለተኛው ሕግ ነው ማለት ይቀላል። ገልባጭ አያርምም። ያልገባው ነገር ካለ የጻፈውን ሰው ይጠይቃል እንጂ ከራሱ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ለልጁም ያስተማራት ይህንኑ ነበር።

ልጁ በዚያች ክፍል ነው ያደገችው ማለት ይቻላል። ፊደል ሳትቆጥር ሬስት ቆጥራለች። ሬስት የዝምታ ምልክት ነው። ከሥር ወደ ላይ ሲቆጠር ከአራተኛው መስመር ሥር የተንጠለጠለው ጥቁር ጡብ ሙሉውን ባር፣ በሁለት ቁም ሰረዝ መካከል ያለውን አራት ምት፣ ዝም የሚያሰኝ ነው፤ ሦስተኛው መስመር ላይ የተቀመጠው ግማሹን። «የከበደው ተንጠለጠለ፣ የቀለለው ተቀመጠ» እያለች በእግሯ ቁምሳጥኑን ትመታ ነበር፣ በአምስት ዓመቷ።

ያን ጊዜ እሱ ገና ቫዮላ ይጫወታል። ቫዮላ ከቫዮሊን ተለቅ፣ ድምፁም ወፈር ያለ ነው፤ ኖታውም የሚጻፈው በራሱ ክሌፍ፣ በአልቶ ክሌፍ ነው። ጎበዝ ነበር፤ አንድ ነውር ብቻ ነበረበት፤ ዝም በል በተባለበት ቦታ አያስችለውም። ባሩ ሳያልቅ ዘው ይላል። ልጅቷ ቤት ውስጥ ሲለማመድ ክርኑን ይዛ «አባዬ! ዝምታውን አትዝለል!» ትለው ነበር፤ እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ እስክትስቅ ድረስ።

ከዚያ ያ የብረት ቁምሳጥን በሩን በግራ እጁ ትንሽ ጣት ላይ ዘጋበት። ጅማቷ ተቆረጠ። ጣቷ አለች፤ ግን ተጠርታ የማትሰማ ሆነች። ቫዮላ በሦስት ጣት አይሆንም ተባለ፤ እሱም አምኖ አስቀመጠው። ልጁ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷት በጉልበት መሀል ተይዞ የሚጫወቱትን ቼሎ ካልተማርኩ ብላ ስታለቅስ ቫዮላውን ሸጦ ቼሎ ገዛላት። «ለማይጫወት ሰው እንጨት ነው» አላት። ልጅቷ ያን ቃል ዕድሜ ልኳን አልረሳችውም።

ሃያ አራት ዓመቷ ነበር ስትታመም። ስምንት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች። አባትና እናት ተራ ገብተው ያድራሉ፤ ቀን ቀን እሱ ሥራ ይገባል፣ ሥራው ካልተገባ የሚበላ የለም።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። የምረቃው ኦርኬስትራ የአሥራ ስድስት ሰው ኖታ ለማግስቱ ይፈለጋል፣ ማተሚያው ወረቀት ውጧል፣ ከላይ ከበሮው ይደልቃል። ስልኩ ጮኸ። ልጁ ናት፤ ፎቶ ልካለች። ከሥሩ እንዲህ ይላል፤ «አባዬ፣ ሲመችህ ገልብጥልኝ። ማን እንደሚጫወተው ስታየው ይገባሃል።»

ከፈተው። የላቦራቶሪ ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ በእጇ ያሰመረችው መስመር፣ ጠጋ ጠጋ ብለው የተጻፉ ኖታዎች፣ በግራ በኩል ደግሞ፣ ክሌፉ መኖር ባለበት ቦታ ላይ፣ አውራ ጣቷ። ወረቀቱን የያዘችበት ነው። እንግዲህ ለአንድ ሰነፍ ተማሪ የሚጽፈውን ለእሷም ጻፈላት፤ «አውራ ጣትሽ ክሌፉን ሸፍኖታል። ደግመሽ አንሺ።»

ይኸው ነው። ልጄ አላለም። እንዴት ዋልሽ አላለም። ማታ እሄድ የለ ብሎ ነበር ያሰበው።

ማታ ሲደርስ አልጋዋ ባዶ ነው። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወስደዋታል፤ ማሽኑ ይተነፍስላታል፤ ዐይኗን አልገለጠችም። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ወረቀቱንም አላገኘውም። አንሶላው ተቀይሮ፣ ክፍሉ ተጠርጎ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ አዝናለት የቆሻሻውን ከረጢት ገልብጣ አብራው ፈለገች፤ ሁለቱም ተንበርክከው፣ ጓንት እንኳ ሳያደርጉ። የለም። የቀረው ፎቶው ብቻ ነው።

አሥር ወር ሙሉ አልከፈተውም። ሚስቱ አንዳንድ ቀን፣ መርፌ ላይ ክር እያስገባች፣ ቀና ሳትል፣ «ገለበጥክላት?» ትለዋለች። «እገለብጣለሁ» ይላል። እሷም ከዚያ በላይ አትጨምርም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር ሆዱ ውስጥ ይፈጀው ነበር፤ ያ መልእክት ለልጁ የጻፈው የመጨረሻው ቃል ነው፤ እሷም አንብባዋለች። ደግሜ ላንሳ ብላ ሞክራ ይሆን? እጇ አልታዘዝ ብሏት ይሆን? ይህን ማን ይነግረዋል?

ዓመቷ ሲቃረብ አብራት ቼሎ የተማረች ጓደኛዋ ክፍሉ ድረስ መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ እጇን ሳታወናጭፍ መናገር የማትችል ልጅ ናት። ዛሬ ግን እጇን ኪሷ ውስጥ ከታለች።

«ጋሽ ታየ፣ ቅዳሜ ትንሹ አዳራሽ ውስጥ ልናስባት ነው። የራሷን ሥራ ልጫወትላት ፈልጌ ነበር። የሆነ ነገር እየጻፈች እንደሆነ ነግራኝ ነበር፤ ለማን እንደሆነ ግን አልነግርሽም ብላ ሳቀችብኝ።»

ማን እንደሚጫወተው ስታየው ይገባሃል። እንግዲህ ገባኝ አለ ጋሽ ታየ በልቡ። ለዚች ልጅ ነው የጻፈችው። ለቼሎ። «እስከ ሐሙስ አደርስልሻለሁ» አላት። በሕይወቱ ከገለበጠው ሁሉ ይህቺን አንዲት ገጽ ሳያጎድል ለመገልበጥ ማለ። ልጁ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ እሱን እንኳ በትክክል ቢያደርግላት።

ፎቶውን የከፈተው ቤቱ፣ በሚስቱ የስፌት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሚስቱ መነጽሯን ገፋ አድርጋ ጎንበስ አለች። ኖታ አታነብም። ያየችው ጣቱን ነው። አውራ ጣቷ ጎን ላይ ያ ጠንካራ ቆዳ አለ፤ ቼሎ የሚጫወቱ ሰዎች ክሩን በአውራ ጣታቸው ጎን እየተጫኑ የሚያወጡት። ጥፍሯ አጭር ነው። ሥሩ ላይ ሰማያዊ የእስክሪብቶ ቀለም ነክቷታል።

«ቅባት ስቀባላት የነበረው ይሄን ነው» አለች ሴትዮዋ። «አንተ ምልክቶችህን ውሰድ። ጣቷ የኔ ነው።»

ሥራው ቀላል አልነበረም። ፎቶው ዘሟል፤ ከወረቀቱ ፊት ያለው የታተመ ጽሑፍ ወደ ኋላ ወጥቶ ከኖታው ጋር ተደባልቋል። አንዳንዱን ነጥብ ለማመን ምስሉን ገልብጦ ከላይ ወደ ታች አየው፤ ዐይን የለመደውን እንዳያነብ። ስድስት ረድፍ ነው፤ እያንዳንዱ አምስት ባር። አራት ባር ዜማ፣ አምስተኛው ዝምታ። የዝምታዎቹ ጥቁር ጡቦች ይንጠልጠሉ ይቀመጡ ከመደብዘዛቸው የተነሳ አይለይም፤ ግን በየባሩ ብቻቸውን ስለሆኑ ሙሉ ባር ናቸው፤ ግማሽ ቢሆኑማ ባሩን የሚሞላ ሌላ ነገር አብሯቸው በኖረ። ይህን ለማወቅ ሃያ ዓመት አይፈልግም።

ክሌፉ ግን የለም። ሌሎቹ ረድፎች ላይም የለም፤ በረቂቅ ላይ ክሌፍና ፍላት አንዴ፣ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ብቻ መጻፍ የእሱ ልማድ ነው፤ ቀለም ለመቆጠብ። ከእሱ ነው የወሰደችው። በራሱ ልማድ ተቀጣ እንበል።

ከአውራ ጣቷ ጠርዝ ወጣ ብላ የምትታይ አንዲት ፍላት ብቻ ነበረች፤ ከአምስቱ መስመሮች ከሥር ሁለተኛው ላይ። ያቺን ሲያይ ተነፈሰ። ቼሎ የሚጻፈው በባስ ክሌፍ ነው፤ በባስ ክሌፍ ሁለተኛው መስመር ሲ ነው፤ አንድ ፍላት ብቻ ያለው ኖታ ደግሞ ያቺ ፍላት ሲ ላይ ናት። ልክክ አለ። የመጨረሻው ድምፅ ሬ ላይ ያርፋል፤ ሬ ማይነር ነው፣ ቤቱ ሬ የሆነ ጨለም ያለ ቅኝት፤ ቼሎው ይደርስበታል። ምን ይጠየቃል?

አንድ ነገር ብቻ ከነከነው። ሰባት ቦታ ላይ ዶ ፊት ናቹራል አድርጋለች። ናቹራል ማለት ፍላቱን ወይም ድምፅ ከፍ የሚያደርገውን ሻርፕ አንሥቶ ድምፁን ወደ ቦታው የሚመልስ ምልክት ነው። ዶን ደግሞ ማንም አላወረደውም፣ ማንም አልሰቀለውም። ምኑን ነው የምትመልሰው? አንዴ ቢሆን እሺ፤ ሰባት ጊዜ! ያኔ ትኩሳቷ ከፍ ብሎ ነበር፤ ነርሷን በእናቷ ስም የጠራችበት ሳምንት ነው። ደክሟት ነው አለ። ልጁ ተሳስታ ሰው ፊት እንድትቀርብ አልፈለገም። እናም ያቺን የራሱን ሕግ ጣሰ። የሚጠይቀው ሰው አልነበረማ። ሰባቱንም አጠፋቸው።

የመጨረሻው ድምፅ ሥር ሁለት ፊደል የመሰለ ጭረት አለ። ሁለት ፒ ነው ብሎ ወሰደው፤ ፒያኒሲሞ፣ በጣም በለሆሳስ፣ ሊጠፋ እንዳለ። ቀደም ብለው ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ፒ ናቸው፤ ዝግ ያለ ዜማ ነው። እንደምትሞት አውቃ ነበር ማለት ነው፣ አለና ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፋ። ኖታውን ግን ጨረሰ። «ታየ» ብሎ ለመጻፍ እጁን ሲያነሳ እጁ እምቢ አለው። ነገ እጽፋለሁ ብሎ ተወው።

ሐሙስ ከሰዓት ሰባት ቁጥር የልምምድ ክፍል ውስጥ የልጁ ጓደኛ ቼሎዋን ታቅፋ ገጹን አየችው። «ውይ፣ ዝምታ በዛበት» አለች። «አራት ተጫውቼ አንድ ልቀመጥ? ድካም የለው፣ ምን የለው።»

«እንደተጻፈው» አለ።

ተጫወተችው። የሰው ልጅ ሲያንጎራጉር የመሰለ፣ ወፍራም፣ ጨለም ያለ ዜማ ነው። ጋሽ ታየ ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ ሰማ። ልጁ ናት፤ ምንም ጥርጥር የለውም፤ አረማመዷ እንኳ አለበት። ግን በየሐረጉ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አይገጥምም። ዜማው ቤቱ ሊገባ ይደርስና ደጃፉ ላይ ይንሸራተታል።

ልጅቷም ቆመች። «ጋሽ ታየ፣ ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ጆሮዬ እምቢ አለኝ። ዶው ከፍ ማለት ያለበት ይመስለኛል። ሬ ላይ ከማረፉ በፊት መሳብ አለበት እኮ።» በከፍተኛው ዶ ተጫወተችው። ዜማው ቤቱ ገባ። «ሻርፕ አልነበረበትም?»

«ሻርፕ የለውም።»

«ምንም ምልክት የለም?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ነበረ» አለ። «ናቹራል ነበረ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ናቹራል?» አለች ልጅቷ፤ ቅንድቧ ተገጣጠመ። «ናቹራል ዶን ከፍ አያደርገውም።»

«አያደርገውም» አለና ገጹን እንደገና አየው። ናቹራል ድምፅን ከፍ የሚያደርገው መቼ ነው? ድምፁ ፍላት ሆኖ የቆየ ከሆነ ብቻ። እንግዲያው ያ ቦታ ፍላት ነበረበት። ዶ አይደለማ! ስሙ ሌላ ነው።

ስልኩን አወጣ። ፎቶውን ከፈተ። ናቹራሎቹ በመስመሮቹ መካከል፣ ከሥር ሁለተኛው ክፍት ቦታ ላይ ናቸው። ያ ቦታ ሲ የሚሆንበት ክሌፍ አለ? አለ። መካከለኛውን መስመር ዶ የሚያደርገው ክሌፍ። በዚያ ክሌፍ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለችው ፍላት ደግሞ ሲ አይደለችም፤ ላ ናት። የላ ፍላት ብቻዋን አትቆምም፤ ፍላቶች በሚሰለፉበት በማይለወጠው ተራ ሦስተኛ ናት፤ ከፊቷ ሲና ሚ አሉ። የቫዮሊን ክሌፍ ቢሆንስ ብሎ ደግሞ ቆጠረ፤ በዚያ ያቺ ፍላት አምስተኛ ትሆናለች፤ ከፊቷ ክሌፍና አራት ፍላት ሊኖሩ ነው። አራት ፍላት በዚያች ቀጭን ጣት ሥር አይገባም። ክሌፍና ሁለት ፍላት ግን ይገባል። ልክክ ብሎ ይገባል።

«አልቶ ክሌፍ ነው» አለ። «ዶ ማይነር ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ያነበብኩት የራሴ ክሌፍ!»

«አልቶ?» አለች ልጅቷ። «ታዲያ ቼሎ አይደለማ። ቫዮላ ነው። እኛ ክፍል ውስጥ እሷ የምታውቀው ቫዮላ ተጫዋች ማን…» አልጨረሰችውም። አፏን በእጇ ያዘች። ሰውዬው ቫዮላ ይጫወት እንደነበር ልጁ ስንቴ ነግራታለች።

ማን እንደሚጫወተው ስታየው ይገባሃል።

ጋሽ ታየ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ወንበር አጠገቡ እያለ። ግራ እጁን ዘረጋና ጣቶቹን ባየር ላይ እያንቀሳቀሰ ኖታውን ከመጀመሪያው አነበበ። አንደኛ ጣት። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ባዶ ክር። እንደገና አንደኛ። ትንሹ ጣት የሚያስፈልግበትን ቦታ ፈለገ፤ ስድስቱንም ረድፍ ፈለገ። አንድም የለም። ልጁ ዜማውን በሦስት ጣት አስልታ ነው የጻፈችው፤ አልጋ ላይ ተኝታ፣ በላቦራቶሪ ወረቀት ጀርባ። በየአራቱ ባር ያለው ዝምታም የተቀመጠው እጁ እንዲያርፍ ነው። ድካም የለው ምን የለው የተባለው ዝምታ።

«ተሳሳተች አልኳት» አለ። «አንድም አልተሳሳተችም። ሰባቱንም እኔ አጠፋሁባት። ዐይኔ ይፍሰስ! ልጄ እኔን ስትጠራኝ፣ ደግመሽ አንሺ አልኳት!» ከዚያ በኋላ ያለቀሰው ልቅሶ ዓመቱን ሙሉ ያላለቀሰው ነው። ጓደኛዋ ቼሎዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ጀርባውን እየደባበሰች አብራው አለቀሰች።

የቫዮላ አስተማሪው፣ ጥርሱን ሰው አይቶት የማያውቅ ኮስታራ ሰው ነው። ጋሽ ታየ ዐይኑ አብጦ በር ላይ ሲቆምበት አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። የራሱን ቫዮላ ከነሳጥኑ አነሳና ሰጠው። «ክሩ አዲስ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይወርድብሃል» አለው፤ በቃ።

ሁለት ቀን ተለማመደ። ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ቫዮላ ያልነካ ጣት ምን ያደርጋል? ጣቶቹ ጫፍ ላይ ቆስለው ሚስቱ በጨርቅ ጠቀለለችለት። አዲሱን ገጽ ከመጀመሪያው ጀምሮ በአልቶ ክሌፍ፣ በሦስት ፍላት፣ ከሰባቱ ናቹራል ጋር ሲገለብጥ የመጨረሻው ድምፅ ላይ ደረሰ። ዶ ነው፤ የቫዮላ የመጨረሻው ወፍራም ክር፣ ጣት የማይነካው፣ ባዶውን የሚጮህ። ጣት የማያስፈልገው ድምፅ በለሆሳስ እንዲሞት ለምን ፈለገች? ሁለቱን ፊደሎች አጉልቶ አያቸው። ወገባቸው ላይ አንዲት አግድም ጭረት አለች፤ የወረቀቱ እጥፋት ናት ብሎ አልፏት ነበር። እጥፋት ቢሆን ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጥ ነበር። ይቺ ሁለቱን ፊደሎች ብቻ ነው የምትቆርጠው። ፒ አይደሉም። ሁለት ኤፍ ናቸው፤ ፎርቲሲሞ፣ ባለ በሌለ ኃይል። ሞቷን አልነበረም የጻፈችው። አባቷ፣ ምንም ጣት በማያስፈልግበት ቦታ፣ እንደ ልቡ እንዲጮህ ነው።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ አርባ ሰው ቢሆን ነው። ጓደኛዋ ተነሥታ «እኔ ልጫወት ነበር፤ የተጻፈው ግን ለእሳቸው ነው» አለችና ተቀመጠች። ሚስቱ ከፊት ወንበር ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ፣ ዐይኗን ከእጁ አልነቀለችም።

ጥሩ አልተጫወተም። ውሸት ምን ያደርጋል? ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተሳሳተ፤ ደጋኑ ተንሸራተተ፤ አንድ ሁለቴ ድምፁ ፉጨት አወጣ። ዝምታዎቹን ግን አንዱንም አልዘለለም። በየአምስተኛው ባር ደጋኑን አነሣና በከንፈሩ አራት ቆጠረ፤ ሰውም ሲቆጥር አየው። በየዝምታው ክርኑን የሚይዘው ሰው ጠበቀ። ማንም አልያዘውም። መጨረሻው ላይ ጣቶቹን ሁሉ ከክሩ አነሳና ደጋኑን ባዶው ዶ ላይ ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተው። የመስኮቱ መስታወት ተርገፈገፈ። ከዚያ የመጨረሻው ዝምታ መጣ። ያጨበጨበ የለም፤ ሚስቱ ብቻ «ልጄን» አለች፣ ጮክ ብላ።

ማታ ቤታቸው ገብተው ገጹን ከፎቶው ጋር እንደገና ምልክት በምልክት አመሳከረ። ክሌፍ፣ ሦስት ፍላት፣ ናቹራሎቹ፣ ዝምታዎቹ፣ ሁለቱ ኤፍ። ከግርጌው «ታየ» ብሎ ጻፈ። እጁም በልማዱ ስልኩን አነሳ፤ ስልኩም እንደወትሮው ጠየቀው፤ ምስሉ ይጥፋ?

ያን ማክሰኞ ያን ጣት ከፎቶው ውስጥ አውጪልኝ ብሏት ነበር። አሁን ኖታው ወረቀት ላይ ነው፤ ፎቶው ውስጥ የቀረው የሚፈልገው ነገር ያ ጣት ብቻ ነው። አይጥፋ የሚለውን ነካና ስልኩን ለሚስቱ ሰጣት። ሚስቱ የራሷን አውራ ጣት በልጇ አውራ ጣት ላይ አሳረፈች፤ የስልኩ መብራት በራሱ ጊዜ እስኪጠፋም አላነሳችውም።